«ደመወዝ፦ በስምምነት» ሲባል የተስማማው ማን ነው?

ጂንካ ከተማ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው የማስታወቂያውን ቅርጽ በቃሉ ይወጣዋል። የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ በስምምነት። ከአራቱ መስመሮች ሦስቱ ግልጽ ናቸው። አራተኛው ግን እውነቱን አይናገርም።

ስምምነት ለመባል ሁለት ሰዎች ሁለት ቁጥር ይዘው ተገናኝተው አንዱ ላይ መድረስ አለባቸው። በተግባር ግን ቁጥር ይዞ የሚቀመጠው አሠሪው ብቻ ነው፤ ተመራቂው የያዘው የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ነው። «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል «እንደ ድርጅቱ ደንብ» ይላል። ድርጅቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንብ የለውም፤ ያለው የባለቤቱ አፍ ነው። ይኸው ልጅ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ አንድ ዶሮ ሲገዛ በተጠራለት የመጀመሪያ ዋጋ አይገዛም፤ ያገላብጣል፣ ይቀንሳል፣ ሄድኩ ብሎ ይመለሳል። የአንድ ወር ጉልበቱን ሲሸጥ ግን የተጠራለትን ተቀብሎ አመስግኖ ይወጣል።

ይህ የዓይን አፋርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የግል ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰው ነው። አጎት ወይም የሰፈር ሰው ለሆቴሉ ባለቤት «ይቺን ልጅ እያት» ብሎ ይናገርላታል። እሷ ደግሞ ደመወዝ መከራከርን ላስገባት ሰው ውለታ ንቀት አድርጋ ትቆጥረዋለች። ይሉኝታው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አጎት ያስገኘው በሩን ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም፤ ዋጋው የሁለቱ ተዋዋዮች ጉዳይ ነው። በጨዋ ቋንቋ የቀረበ አንድ ቁጥርም አጎትን አያዋርድም።

መጀመሪያ፦ የት ይከራከሩ?

ሁሉም ቦታ ድርድር የለም፤ ይህን አለማወቅ ጉልበት ያባክናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በደረጃ የተቆረጠ ስለሆነ የዞኑ ወይም የወረዳው የሰው ሀብት ኃላፊ ቢፈልግም ከሠንጠረዡ ወጥቶ መክፈል አይችልም። ባንኮችም ለጀማሪ ሠራተኛ የራሳቸው እስኬል አላቸው፤ ጂንካ ቅርንጫፍ ያለ ሥራ አስኪያጅ አይለውጠውም። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በፕሮጀክት በጀት የታሰረ ደረጃ ይኖራቸዋል፤ እዚያ የሚጠየቀው «ይህ የሥራ መደብ ከስንት እስከ ስንት ነው?» የሚለው ነው።

እውነተኛው ድርድር ያለው በግሉ ዘርፍ ነው፤ በሆቴሉ፣ በሎጁ፣ በአስጎብኚ ድርጅቱ፣ በሕንፃ ተቋራጩ፣ በግል ትምህርት ቤቱ፣ በመድኃኒት ቤቱ። «በስምምነት» የሚለው ቃል በብዛት የሚጻፈውም እዚሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ የግሉ አሠሪ ከዚህ በታች አትክፈል የሚባልበት ወለል አልተቆረጠለትም። ስለዚህ ወለሉን ይዞ መግባት ያለበት ተመራቂው ራሱ ነው።

ወለሉ ከየት ይመጣል?

ከመንግሥት እስኬል ነው የሚመጣው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር የግል አሠሪን በሕግ አያስገድድም። ነገር ግን ጂንካ ውስጥ ማንም አሠሪ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ሊልበት የማይችል፣ በአደባባይ የተነገረና ለዜሮ ዓመት ልምድ የተቆረጠ ዋጋ ነው። «ልምድ የለሽም» ለሚለው ቃል የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው፤ 11,500 ብር የልምድ ዋጋ ሳይሆን ልምድ የሌለው ዲግሪ ዋጋ ነው።

ቁጥሩ ግን ያልተጣራ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከ15 በመቶ ጀምሮ ይከፈልበታል፤ ከ10,000 እስከ 14,000 ብር መካከል ያለው ክፍል ላይ 30 በመቶ ይደርሳል። ለጡረታ ደግሞ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል። ስለዚህ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ተነሥቶ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በልብ መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ድርድሩ ላይ ብዙ ሰው የሚታለለው ባለቤቱ ያልተጣራውን ሲናገር ተመራቂው የተጣራ መስሎት ሲሰማ ነው።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው

በአካውንቲንግ የተመረቀች አንዲት የጂንካ ልጅ ምሳሌ ትሁን። ሥራው ቱርሚ አካባቢ ባለ ሎጅ ውስጥ ገንዘብ ያዥነትና የሒሳብ ሥራ ነው፤ ቃለ መጠይቁ የሚካሄደው ጂንካ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ገና ጀማሪ ነሽ። በአሥር ሺህ እንጀምር፤ ምግብና መኝታ ከኛ ነው» ይላሉ።

አሥር ሺህ ክብ ቁጥር ስለሆነ ጆሮ ይሞላል። ሲጣራ ግን 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ወጥቶ 7,650 ብር ነው። ከመንግሥቱ ጀማሪ በወር 945 ብር ያንሳል። ባለቤቱ «ምግብና መኝታው ይክሰዋል» ሊሉ ይችላሉ፤ ሊክሰውም ይችላል። እዚህ ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምግቡና መኝታው ከአሥሩ ሺህ በላይ ነው ወይስ ከውስጡ የሚታሰብ? በቃል «ከኛ ነው» የተባለ ምግብ የወሩ መጨረሻ ላይ ከፔሮሉ ተቆርጦ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ይፈልጋል፤ በስምምነት በዓይነት የሚከፈለውም በአካባቢው ገበያ ካለው ዋጋ እንዳይበልጥ፣ በምንም ሁኔታ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ገድቧል። ስለዚህ ምግብና መኝታ የደመወዙ አካል ከሆነ ዋጋው ተቆርጦ ይጻፍ፤ ተጨማሪ ከሆነም «ተጨማሪ» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ አሥሩ ሺህ ሁሉ ደመወዝ ነው ወይ የሚለው ነው። አንዳንድ አሠሪ ስድስት ሺህ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አራት ሺህ አበል ብሎ ይከፍለዋል። ለሠራተኛዋ ልዩነቱ መጀመሪያ አይታያትም፤ እንዲያውም ጡረታው ከትንሹ ስለሚቆረጥ እጇ የሚገባው ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን የትራንስፖርትና የበረሃ አበል፣ ጉርሻ፣ ከእንግዳ የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያም ጭምር በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ አይባሉም። የትርፍ ሰዓትና የበዓል ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው።

ሎጅ ደግሞ በበዓል የሚዘጋ ቤት አይደለም፤ እንግዳ የሚበዛው በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ የመደበኛ ሰዓት ክፍያው ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል። ወሩ በ26 የሥራ ቀንና በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ፣ ደመወዟ አሥር ሺህ የሆነ ሠራተኛ በጥምቀት ዕለት ስምንት ሰዓት ብትሠራ ከግብር በፊት 769 ብር ገደማ ታገኛለች። መሠረታዊ ደመወዟ ስድስት ሺህ ከሆነ ግን 461 ብር ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሥራ ውሉ አጻጻፍ ብቻ 308 ብር ገደማ ይወስድባታል።

«ልምድ የለሽም» ለሚለው የሚሰጥ መልስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለቤቱ «ልምድ የለሽም» ሲሉ ስድብ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የሒሳብ መዝገቡን ታበላሽብኝ ይሆን? ከሁለት ወር በኋላ የመንግሥት ቅጥር ሲወጣ ጥላኝ ትሄድ ይሆን? ለማያውቁት ሰው ሙሉ ዋጋ መክፈል ያስፈራቸዋል። ተመራቂዎች ግን ይህን ፍርሃት በልመና ወይም በውጤታቸው ሊያስወግዱት ይሞክራሉ። የመውጫ ፈተና ማለፋቸውንና ነጥባቸውን ይጠቅሳሉ። ባለቤቱን የሚያሳስባቸው ግን ነጥቡ አይደለም።

ለዚህ ፍርሃት ሕጉ ራሱ ልክ ሰጥቶታል። የሙከራ ጊዜ የሚባለው አሠሪው ሠራተኛውን አይቶ የሚወስንበት ጊዜ ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ነው። መንግሥት ቤት የተለመደውን የስድስት ወር ሙከራ ወደ ግል ድርጅት የሚያመጡ አሠሪዎች አሉ፤ ሕጉ ግን አይፈቅድላቸውም።

እንግዲህ ልምድ የሌላት ልጅ ያላት ትልቁ የመደራደሪያ ነጥብ ይህ ነው። ለፍርሃቱ ዋጋ ቅናሽ ልትሰጥ ትችላለች፤ ቅናሹ ግን ፍርሃቱ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ መሆን አለበት። በተግባር እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ልምድ እንደሌለኝ አውቃለሁ። መንግሥት ለጀማሪ 11,500 ነው የሚከፍለው፤ እኔ 13,000 ነበር ያሰብኩት። እርስዎ እስኪያዩኝ ድረስ በአሥር ሺህ ልጀምር። የሙከራ ጊዜዬን በደንብ ከጨረስኩ ግን 12,000 ይሁንልኝና በደብዳቤው ላይ አብሮ ይጻፍ።»

ይህ ንግግር ሦስት ነገር ያደርጋል። የመጀመሪያው ቁጥር ከአደባባይ የመጣ ስለሆነ የስግብግብነት መልክ አይኖረውም። ሁለተኛው፣ 13,000 ከተባለ በኋላ 12,000 ለባለቤቱ ቅናሽ ሆኖ ይሰማቸዋል። ሦስተኛውና ትልቁ ግን የ«ልምድ የለሽም»ን ጥያቄ ክርክር ሳይሆን ቀን ያደርገዋል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የጀመረች ልጅ 60 የሥራ ቀኗ የሚያልቀው ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ነው፤ ልክ የገናና የጥምቀት እንግዳ ከመግባቱ በፊት። መዝገቡን የምታውቅ ገንዘብ ያዥ በዚያ ሰሞን ማጣት ለሎጁ ከሁለት ሺህ ብር በላይ ዋጋ ያስከፍለዋል። ባለቤቱም ይህን ያውቃሉ።

የ12,000 ብር የተጣራ 8,910 ብር ነው። ከ7,650 ጋር ሲተያይ በወር 1,260፣ በዓመት 15,120 ብር ልዩነት አለው። ሁለት ሺህ ጨምሮ እጅ የሚገባው 1,260 ብቻ የሆነበት ምክንያት በዚህ እርከን ከምትጨመረው እያንዳንዷ መቶ ብር ላይ 30 ብር ለግብር፣ 7 ብር ለጡረታ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ አምስት መቶ ብር ለማስጨመር ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው የሚያገኘው 315 ብር ነው። በዚያ ጉልበት ምግቡ ተጨማሪ መሆኑን ማጻፍ፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ ወደ ጂንካ የሚመለስበትን ትራንስፖርት ማስቻል የበለጠ ሊያዋጣ ይችላል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ይህ ድርድር የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው «ሌላ ቦታ 15,000 ሊከፍሉኝ ነው» የሚለው ውሸት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ጂንካ ውስጥ ግን የሆቴልና የሎጅ ባለቤቶች ስልክ ይደዋወላሉ። ውሸቱ እስከ ማታ አይቆይም፤ የሚጎዳውም የገንዘብ መዝገብ ሊይዝ የመጣውን ሰው ታማኝነት ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱን ማሳለፍ ነው። እሺ ብሎ ሥራ ጀምሮ፣ በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛ ስንት እንደሚከፈለው ሰምቶ «አንሶብኛል» ማለት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል። ባለቤቱ ሰው ለመቅጠር ወስነው «መቼ ትጀምሪያለሽ?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ የመደራደሪያው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ገና አልፈለጓትም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ተስማምታለች።

ሦስተኛው ሁሉም ነገር በቃል መቅረቱ ነው። «ከሙከራ በኋላ እናያለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቁጥርም ቀንም የለውም። አዋጁ የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና የአከፋፈሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ደብዳቤ መጠየቅ አለመተማመን አይደለም፤ አሠሪው የሚገባውን እንዲያደርግ መጠየቅ ነው። ጥሩውን አሠሪ ከሌላው የሚለየው ምልክትም ይኸው ነው። ቁጥሩን የሚቀንስ አሠሪ ምናልባት አቅም አጥቶ ይሆናል። የተስማማበትን ቁጥር ለመጻፍ እምቢ የሚል አሠሪ ግን ለመክፈል አላሰበም። ደብዳቤ ሳይሰጥ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ቆልፎ ማስቀመጥ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ እጥፍ ነው፤ ዋናውን አሳይቶ ኮፒውን መስጠት ይበቃል።

የባለቤቱም እውነት አለ

ለፍትሕ ሲባል የባለቤቱ ወገን መነገር አለበት። የሎጅ ገቢ እንደ ወቅቱ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣና መንገዱ ሲበላሽ እንግዳው ይጠፋል፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ነው። አሠልጥነው ያስለመዱት ልጅ የመንግሥት ማስታወቂያ በወጣ ማግስት የሚሄድባቸው ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ተመራቂዋ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን የምትሰጠው ነገር ሊኖራት ይገባል። የዝናቡ ወቅት እስኪገባ ድረስ እንደምትቆይ፣ ብትለቅም ሕጉ የሚጠይቀውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ መዝገቡን አስረክባ እንደምትሄድ ቀድማ መናገር ትችላለች። ይህ ቃል ለባለቤቱ ዋጋ አለው፤ ለእሷም ምንም አያስወጣትም።

ባለቤቱ እውነት አቅም ከሌላቸውስ? ያኔ አሥር ሺህ የመጨረሻው ይሆንና ምርጫው የእሷ ይሆናል። ሥራ አጥቶ ጂንካ ተቀምጦ ከመዋል 7,650 ብርና የጠዋት ቁርስ ይሻላል ብላ ልትቀበል ትችላለች፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ልዩነቱ ግን የምትቀበለው ቁጥሩን አውቃ፣ ምግቡ ተጨማሪ መሆኑን አጽፋ፣ የሙከራው ቀን መቼ እንደሚያልቅ ቆጥራ መሆኑ ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ አውቆ መግባትና ሳያውቁ መግባት አንድ አይደሉም፤ ያወቀ ሰው መቼ ተመልሶ እንደሚጠይቅም ያውቃል።

ቁጥሩ ይጻፍ

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ ሃያ ሦስት ዓመት ባልሞላት ልጅ ትከሻ ላይ መጣል አግባብ አይደለም። «በስምምነት» የሚለው ቃል የሚጠቅመው አንድ ወገንን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ በጀታቸውን ያውቃሉ፣ አመልካቿ አታውቅም። «ከ10,000 እስከ 12,500 ብር፣ ምግብና መኝታ ተጨማሪ» ብሎ የሚጽፍ ሎጅ ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው። በምላሹ በዚያ ዋጋ መሥራት የማይፈልገው አመልካች አስቀድሞ ይቀርለታል፤ የሚመጣው ደግሞ ሊቆይ የመጣ ይሆናል። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ያሉ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ የከተማው አስተዳደርና የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ወይም ሲያስተላልፉ ቁጥር የሌለውን «ቁጥሩን ጻፉና አምጡ» ብለው መመለስ ይችላሉ። ለዚህ አዲስ አዋጅም፣ በጀትም፣ ስብሰባም አያስፈልግም።

እስከዚያው ድረስ ግን ማስታወቂያው «በስምምነት» ማለቱን ይቀጥላል። ቃሉን እንደ ተጻፈው መውሰድ ነው የሚሻለው፤ ስምምነት ከተባለ ተመራቂዋም የራሷን ቁጥር ይዛ ትግባ።